የጎደሉት አራት ደረጃዎች

በደሴቲቱ ላይ የቀሩት ተማሪዎች አምስት ነበሩ። ከአምስቱ ሁለቱ የግንበኛው የአርጊሪስ ልጆች ናቸው። ሚስቱ ኩላ የወደቡን ዳቦ ቤት ታስተዳድራለች። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ እነሱም ለልጆቻቸው ሲሉ ወደ ትልቁ ደሴት መሻገራቸው ነው፤ እነሱ ከተሻገሩ ዳቦ ቤቱ ይዘጋል፤ ዳቦ የማይጋገርበት ወደብ ላይ ደግሞ ክረምቱን ማን ያሳልፋል? ይህን ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረው እንጂ ሁሉም ያውቀው ነበር።

በጸደይ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች መጥተው ሕንፃውን አዩት። ትምህርት ቤቱ ገደል ላይ የተሠራ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። ምድር ቤቱ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ስለሆነ ልጆቹ የሚማሩት ፎቅ ላይ ነው፤ መውጫና መውረጃቸውም አንዲት የምታቃስት የእንጨት ደረጃ ብቻ ናት። «እሳት ቢነሳ እነዚህ ልጆች በምን ይወጣሉ?» አሉ ሰዎቹ። «እስከ መስከረም ከውጭ በኩል የኮንክሪት ደረጃ ካልተሠራ በሩ አይከፈትም።»

የአርጊሪስ ታናሽ እህት ኤቫንቲያ መሐንዲስ ናት። የምትሠራው ትልቁ ደሴት ላይ ነው። ወሬውን የሰማችው ከእናቷ ከማሪጎ ነበር፤ ማሪጎ በስልክ እያለቀሰች ስትነግራት፣ «እማዬ፣ አታልቅሺ። ደረጃ ነው እኮ የጠየቁት፤ ድልድይ አይደለም። እኔ እሠራዋለሁ» አለቻት።

ማሪጎ ይህን ሰምታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ለሁሉም አወራች። ሰዉ ሁሉ ባርባ፣ አጎቴ እንደማለት፣ የሚለው አሮጌው አናፂ ኒኪፎሮስ ኮንክሪቱ የሚፈስበትን የጣውላ ካሳፎርማ በነጻ እመታለሁ አለ። ዓሣ አጥማጆቹ ጉልበታቸውን ሰጡ። በትልቁ ደሴት ኮንክሪት የሚያመርተው ሰውዬም፣ እናቱ የዚህችው ደሴት ተወላጅ ነበሩና፣ «ኮንክሪቱ ከእኔ» አላት ኤቫንቲያን። «ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝና በትንሿ የኮንክሪት መኪናችን አስጭንልሻለሁ። አደራ፣ ሥራ ከመዝጋታችን በፊት ይሁን፤ ለፍልሰታ ዘግተን ከሄድን እስከ ወሩ መጨረሻ የለንም።»

ኤቫንቲያ በምሳ ሰዓት ቢሮዋ ውስጥ ቁጭ ብላ አሰላችው። ደረጃው ከመሬት ይነሳና ዘጠኝ እርከን ወጥቶ ማረፊያ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ዞሮ ዘጠኝ ይወጣና ከፎቁ በረንዳ ጋር ይገጥማል። የእያንዳንዱ ከፍታ አሥራ ሰባት፣ መርገጫው ሠላሳ ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ከአርባ። ከጎን ሲያዩት አንዱ ደረጃ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ከፍታውን በመርገጫው አባዝታ ለሁለት ከፈለችና በስፋቱ አባዛችው። የአሥራ ስምንቱ ድምር ስድሳ አራት መቶኛ ሜትር ኩብ ያህል መጣ። ከደረጃዎቹ ሥር ያለውና ሁሉንም የሚሸከመው ዘንበል ያለ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ሶሌታ ግንበኞች ወገብ የሚሉት ነው። እሱን የለካችው በመሬቱ ርዝመት አልነበረም፤ በተዳፋቱ ነው እንጂ፤ ሁለቱ ወገቦች አንድ ላይ ስምንት ነጥብ ሰባት ሜትር ካሬ ሆኑ። ማረፊያው ሦስት ሜትር በአንድ ከአርባ ነው። ውፍረቱን አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ይዛ ሁሉንም ደመረች፤ ሁለት ነጥብ ስድስት ሜትር ኩብ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ለሚፈሰውና ለሚባክነው ትንሽ ጨመረችና ለሰውዬው ደወለች።

«ሁለት ነጥብ ሰባት» አለችው።

«ሁለት ነጥብ ሰባት። ተይዟል፤ የማርያም ስጦታ ብለሽ ተቀበይ» አላት።

ስሌቱ አልተሳሳተም ነበር። ነገር የመጣው በሳምንቱ ነው። የግንባታ ሥዕሉን ለማስፈቀድ ስታዘጋጅ የታችኛው ወገብና ማረፊያው አንድ ላይ ከአራት ሜትር በላይ እንደሚዘረጉ አየችና ልቧ ፈራ። በላዩ ላይ የሚሮጡት ልጆች ናቸው፤ አንድ ላይ ነው የሚወርዱት። አሥራ አምስቱ ሳንቲ ሜትር ቀጭን ነው ብላ ሃያ አደረገችው። ሥዕሉ ላይ ቀየረችው፤ ውስጡ የሚገባውን የብረት ፌሮም አወፈረችው፤ ለባርባ ኒኪፎሮስ ደውላ፣ «ባርባ፣ ወገቡም ማረፊያውም ሃያ ሆኗል፤ ካሳፎርማውን ዝቅ ያድርጉት» አለችው። «ዝቅ ነው፣ ልጄ፤ ዝቅ አደርገዋለሁ» አላት። ለኮንክሪቱ ሰውዬ ግን አልደወለችም። ያ ቁጥር በልቧ ውስጥ ያለቀ የተዘጋ ነገር ነበርና ዞራ አላየችውም።

ኮንክሪቱ በሚፈስበት ዕለት ደሴቲቱ ሠርግ ያለባት ትመስል ነበር። ጠዋት ጀልባው ትንሿን መኪና አወረዳት። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ነጂው እየተሳደበ፣ ሕዝቡም እያጨበጨበ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አደረሷት። ከመኪናዋ እስከ ደረጃው ሥር በእጅ በሚገፋ ካሪዮላ፣ ከዚያ ወደ ላይ በባልዲ እየተቀባበሉ ማውጣት ነው። ጾም ስለነበር ኩላ ዳቦና ወይራ፣ ቲማቲምም በትሪ ዘርግታለች። አርጊሪስ ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያስተኛውን ቫይብሬተር ይዞ ካሳፎርማው ላይ ቆሞ ያዝዛል።

«ባልዲውን አታቅፈው፣ አቀብለው! ሚስትህ መሰለችህ?» ይላል ለአንዱ ዓሣ አጥማጅ።

«ሚስቴማ እንዲህ ብትከብድ ባሕር ውስጥ በጣልኳት!»

«እሷ ናት አንተን መጣል የነበረባት» ትላለች ኩላ ከታች። ሁሉም ይስቃል።

ኤቫንቲያም ትስቃለች። የወንድሟ ታናሽ ልጅ ሚርቶ ጥላ ሥር ካለው ግንብ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች፣ «አክስቴ፣ ይሄ ሁሉ ለኛ ነው?» አለቻት።

«ለናንተ ነው፣ የኔ ቆንጆ።»

ከታች ተነስተው የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ደረጃዎች ሞሉ። ማረፊያውን ሞሉ፤ ማረፊያው ብዙ በላ። አርጊሪስ በላስቲክ ጫማው እየረገጠ ካስተካከለው በኋላ ወደ ላይኛው ወገብ ተሻገረና የመጀመሪያውን ባልዲ ሲደፋ ነጂው የመኪናውን በርሜል እያሽከረከረ፣ «ሴትዮ፣ ገና ብዙ ነው የቀራችሁ?» ብሎ ጠየቃት።

«ግማሹ። ለምን?»

ነጂው መሰላሉን ወጥቶ ወደ በርሜሉ ውስጥ አየ። ሲወርድ ፊቱ ሌላ ነበር።

«እዚህ ውስጥ ያለው ከግማሽ ሜትር ኩብ ትንሽ ቢበልጥ ነው።»

ኤቫንቲያ መጀመሪያ የፋብሪካው ጥፋት መሰላት። አፏን ልትከፍት ስትል ዓይኗ ካሳፎርማው ላይ አረፈ፤ ባርባ ኒኪፎሮስ በንጽሕና የመታው፣ ጥልቅ የሆነ፣ ፌሮው መሃሉ ላይ የተዘረጋ ካሳፎርማ። ሃያ ሳንቲ ሜትር። ለማስላት ወረቀትም አላስፈለጋት። በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ጨምራለች፤ ወገቡና ማረፊያው ተደምረው አሥራ ሦስት ሜትር ካሬ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው። ከስድሳ መቶኛ ሜትር ኩብ በላይ ነው። ለብክነት ብላ የጨመረቻት ጥቂት አንድ አሥረኛ ብትሸፍን ነው። የሚጎድለው ግማሽ ሜትር ኩብ ያህል።

«አርጊሪስ» አለች። «አርጊሪስ! አይበቃም።»

«ምን?»

«ኮንክሪቱ አይበቃም። እኔ ነኝ። ወገቡን ሳወፍረው ለፋብሪካው ሳልነግር ቀረሁ።»

ቫይብሬተሩ ጠፋ። ባልዲ ይዘው የቆሙት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማንም አልተቆጣትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ባርባ ኒኪፎሮስ ብቻ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «የእመቤታችን ያለሽ» አለ ቀስ ብሎ።

ለሰውዬው ደወለች። ፋብሪካው ለመዝጋት እየታጠበ ነበር፤ ሠራተኞቹ ተበትነዋል፤ ጀልባውም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይሄዳል እንጂ ዳግም አይመጣም። «ከወሩ መጨረሻ በፊት ምንም ማድረግ አልችልም፣ ልጄ» አላት፤ ከልቡ ያዘነ ይመስላል።

የቀረው ኮንክሪት የላይኛው ወገብ አምስተኛ ደረጃ ላይ አለቀ። ከዚያ በላይ አራቱ ደረጃዎች ባዶ ሣጥን ሆነው፣ ፌሮው ፀሐይ ላይ እያብለጨለጨ ቀረ።

መሐንዲስ የሚያደርገውን ታውቃለች። ኮንክሪቱ ያለቀበትን አፍ ቀጥ አድርጎ በጣውላ መዝጋት፣ ሲደርቅ ማሻከርና ማጽዳት፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ደህና ኮንክሪት አስመጥቶ መቀጠል። እንዲህ ቢሠራ ደረጃው አይጎዳም። ግን በወሩ መጨረሻ የፈሰሰ ኮንክሪት በመስከረም መጀመሪያ ደጋፊው ሊነሳለት አይችልም፤ የጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚያየው ምሰሶ ተደግፎ የቆመ ያላለቀ ደረጃ ነው።

«እንዘጋዋለን» አለች። «እዚህ ላይ እንዘጋውና ቀን እንዲጨምሩልን እንለምናለን።»

«ማንን?» አለ አርጊሪስ። «ባለፈው ዓመት ያችኛዋ ደሴት ለመነች አይደል? ምን ተደረገላት? እኔ ግምጃ ቤት ሲሚንቶ አለኝ።»

«ያ የባለፈው ክረምቱ? እርጥበት ያገኘው?»

«የጠጠረውን እንወቅጠዋለን። አሸዋ ከወሽመጡ እናመጣለን።»

«የባሕር አሸዋ፣ አርጊሪስ! ጨው ነው፤ ፌሮውን ይበላዋል።»

«እናጥበዋለን አልኩሽ እኮ! አራት ደረጃ ነው! ለአራት ደረጃ ብለሽ ልጆቼን ከቤታቸው ልታስወጪ ነው?»

ሁሉም ወደ እሷ ተመለከተ። እናቷ ማሪጎ በሩ ላይ ቆማለች፤ ኩላ ትሪውን እንደያዘች ቀርታለች። ኤቫንቲያ እሺ አላለችም። እምቢም አላለችም። ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች፤ ከኋላዋ ሰዎቹ አካፋ ሲያነሱ ሰማች። እስኪያልቅ ድረስ ዞራ አላየችም፤ ሲያልቅ ግን ከሩቅ ሲያዩት ደረጃው ሙሉ ነበር፤ ሰዉም አጨበጨበ።

ያንን ወር እንዴት እንዳሳለፈችው እሷም አታውቀው። ቢሮ ገብታ ትወጣለች፤ ሰው ሲያናግራት ሁለቴ ታስደግመዋለች። ምናልባት ይጠነክር ይሆናል እያለች ራሷን ታባብላለች። በጎደለ ሥራ ላይ ተስፋ መጣል ሞኝነት መሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ግን ሰው ሌላ የሚይዘው ሲያጣ ምን ያድርግ?

ካሳፎርማው የሚፈታበት ቀን ደርሶ ተሻገረች። ባርባ ኒኪፎሮስ ጣውላውን ከሥር እየነቀለ ሲያወርድ ታችኛው ወገብና ማረፊያው ጥርት ብለው ወጡ፤ በመዶሻ ሲመቷቸው እንደ ደወል ጮኹ። የላይኛውም እስከ አምስተኛው ደረጃ እንዲሁ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ጣውላ ሲነሳ አሸዋ ረገፈ። ሆዱ እንደ ንብ ቀፎ የተቦረቦረ ነበር፤ እዚህም እዚያም ፌሮው ራቁቱን ወጥቷል፤ የፊተኛውና የኋለኛው ኮንክሪት በተገናኙበት ቦታ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን ስንጥቅ ይታያል። ኤቫንቲያ በጣቷ ስትነካው ጠጠሩ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ።

«ምሰሶዎቹን መልሷቸው» አለች። «ይሄ ይሰበራል። አራቱም ይሰበራሉ።»

ባርባ ኒኪፎሮስ ምሰሶዎቹን መልሶ አቆመ። አርጊሪስ ግን እህቱን ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት።

«ስሚኝ፣ እህቴ። ሰውየው የሚመጣው ሰኞ ነው። ዛሬ ልስን አለብሰዋለሁ፤ ነገ ኖራ እቀባዋለሁ። አይቶ ይሄዳል። በገና ዕረፍት ልጆቹ በሌሉበት እሰብረውና በደህና ኮንክሪት እሞላዋለሁ። በአባታችን አጥንት!»

«እስከ ገና ሰው ቢረግጠውስ?»

«ማን ነው የሚረግጠው? የእሳት መውጫ ነው እኮ። እሳት ካልተነሳ በሩ አይከፈትም።»

«እሳት ሲነሳ ደግሞ አምስቱም አንድ ላይ ነው የሚረግጡት።»

አርጊሪስ ክንዷን ለቀቀ። ከዚያ የልጅነት ድምፁ መጣ፤ ጀልባ ላይ ተደብቀው ሲጫወቱ ያናግራት የነበረው ዓይነት። «እኔ ትልቁ ደሴት ላይ ምን እሆናለሁ፣ ኤቫንቲያ? የሰው ቀን ሠራተኛ? እማዬስ? ብቻዋን እዚህ ልትሞት ነው? ይሄ ሁሉ በማን ስህተት ነው የመጣው? አንድ ቀን እንኳ ያንቺ ጥፋት ነው አልኩሽ? ዛሬ ብቻ ዝም በይልኝ።»

እውነቱን ነው፤ አንድም ቀን አላላትም።

«እሺ» አለች።

ሰኞ ተቆጣጣሪው አቶ ዘርቮስ፣ በደሴቲቱ አጠራር ኪርዮስ ዘርቮስ፣ መጣ። ጡረታው የደረሰ፣ ሽቅብ ሲወጣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ለስላሳ ሰው ነው። ኩላ ትኩስ ዳቦ ይዛ ተቀበለችው፤ ማሪጎ ልትስመው ምንም አልቀራት። ምሰሶዎቹ ተነስተዋል፤ ደረጃው ከላይ እስከ ታች በነጭ ኖራ ተቀብቶ ያበራል።

«ቆንጆ ሥራ ነው» አለ ኪርዮስ ዘርቮስ። ሜትሩን አውጥቶ ከፍታውን ለካ፤ መርገጫውን ለካ፤ ማረፊያው ላይ ቆሞ ጠርዙን በእጁ ዳበሰ። «ሃያ አድርገውታል። ደግ አደረጉ፣ ኢንጂነር፤ ብዙዎች በአሥራ አምስት ነው የሚያልፉት። ስንት ሜትር ኩብ ፈጀ?»

ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም። መሐንዲስ ለመሐንዲስ የሚያነሳው ጨዋታ ነው። ኤቫንቲያ ግን ለመልሱ አልተዘጋጀችም።

«ሁለት ነጥብ ሰባት መጣልን» አለች።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀና ሁለት ደረጃ ወረደ። ከዚያ ቆመ። የሲጋራ ካርቶኑን አውጥቶ በጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረ፤ እየጻፈም ለራሱ ያጉተመትማል። «አሥራ ስምንቱ ደረጃዎች ስድሳ አራት መቶኛ… ወገቦቹ በሃያ፣ አንድ ነጥብ ሰባት አካባቢ… ማረፊያው ሰማንያ አራት መቶኛ…» ብዕሩ ቆመ። «ይሄ ከሦስት ነጥብ ሁለት ሜትር ኩብ አይወርድም።»

አርጊሪስ ከታች ሆኖ ሲያዳምጥ ፊቱ አመድ መሰለ።

ኪርዮስ ዘርቮስ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ኤቫንቲያን አያት። ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ያየ፣ በየደሴቱ ያለቀሱ እናቶችን ያጽናና ሰው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለቀረው ግማሽ ሜትር ኩብ ከከተማ ሲሚንቶ በከረጢት ገዝታችሁ፣ የታጠበ አሸዋና ጠጠር አምጥታችሁ፣ በዚያው ቀን በማቀላቀያ አዘጋጅታችሁት ይሆናል፤ አይደለም እንዴ?» አላት። «እንዲያ ከሆነ ችግር የለውም። እርስዎ ካሉኝ አምናለሁ።»

የማምለጫ በር ከፍቶ ነበር የሰጣት። መልሱ አንድ ቃል ብቻ ነው።

በዚህ መሃል የፎቁ በር ተከፈተ። ሚርቶ እንግዳ መምጣቱን ሰምታ በአሮጌው የእንጨት ደረጃ ወደ ፎቁ ወጥታ ኖሮ በአዲሱ ደረጃ እየዘለለች መውረድ ጀመረች፤ በሁለት እግሯ ነው የምትዘለው፤ ሌሎቹም ልጆች ከኋላዋ በሩ ላይ ተሰብስበዋል። ከነጩ ኖራ ሥር ያለው ነገር ስስ የሆነ የመሰንጠቅ ድምፅ አሰማ፤ ትንሽ የልስን ቅርፊት ወደ መሬት ወረደ። ከኤቫንቲያና ከአርጊሪስ በቀር ማንም አላስተዋለውም።

«ሚርቶ! ቁሚ!» ብላ ጮኸች ኤቫንቲያ። «አንቺ ልጅ፣ ባለሽበት ቁሚ! ማንም እንዳይወርድ!» ሮጣ ወጥታ ልጅቷን አቅፋ ወደ ታች አመጣቻት። ሚርቶ ደንግጣ ማልቀስ ጀመረች።

ኤቫንቲያ ልጅቷን ሳትለቃት ወደ ሰውየው ዞረች። «አይደለም» አለችው። «ከከተማ አልመጣም። የላይኞቹ አራቱ በአሮጌ ሲሚንቶና በባሕር አሸዋ ነው የተሞሉት። ከልስኑ ሥር ተቦርቡረዋል። ወገቡን ከአሥራ አምስት ወደ ሃያ ሳሳድገው ኮንክሪቱን እንደገና ሳላሰላ ቀረሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የወንድሜ አይደለም።»

ኪርዮስ ዘርቮስ ካርቶኑን ወደ ኪሱ መለሰ። «ባልጠየቅኩዎት ኖሮ» አለና ወደ ወደቡ ወረደ። ዳቦውን ሳይወስድ ሄደ።

አርጊሪስ ይጮሃል ብላ ጠበቀች። አልጮኸም። ሚርቶን ከእጇ ተቀበላት።

«እሺ ብለሽኝ ነበር እኮ» አላት። ከዚያ በኋላ አላናገራትም።

ልመናው ሁሉ ተሞከረ። ካህኑ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ፤ ባርባ ኒኪፎሮስ በሰባ ዓመቱ ከረባት አስሮ አብሮት ተሻገረ። ያገኙት መልስ ጨዋ ነበር፤ ተማሪዎቹ በትልቁ ደሴት ተመዝግበዋል፤ አንድ ትምህርት ቤት ደግሞ ከመዝገብ ከወጣ በአምስት ልጅ አይመለስም። ኤቫንቲያ ራሷ ሦስት ቢሮ ዞረች። የሰሟት ሁሉ ትክክል አድርገሻል አሏት። ምርር ብላ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው፤ ትክክል ማድረጓ ለማን ምን ፈየደ?

የአርጊሪስ ቤተሰብ የሄደው ደመና በሞላበት ጠዋት ነበር። ኩላ የዳቦ ቤቱን ቁልፍ ለማሪጎ ሰጠቻት፤ ምን እንደምታደርግበት ግን ሁለቱም አያውቁም። ኤቫንቲያ ዕቃ ልታግዝ ስትጠጋ ኩላ ሣጥኑን ወደ ራሷ ሳበች። «ተይው፣ እህቴ። አንቺ ልጄን አዳንሽልኝ፤ አውቃለሁ። ግን አሁን ልይሽ አልችልም። አንድ ቀን እችል ይሆናል።» ሚርቶ ከጀልባው ጫፍ ሆና እጇን አወዛወዘች፤ አርጊሪስ ጀርባውን ሰጥቶ ገመድ ይጠመጥማል። ገመዱ ተጠቅልሎ አልቋል፤ እሱ ግን ይጠመጥመው ነበር።

በኅዳር ኤቫንቲያ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ማንም አልጠየቃትም። ባርባ ኒኪፎሮስ ከሥር ደገፈላት፤ አራቱን ደረጃዎች ራሷ መዶሻና መሮ ይዛ ሰበረቻቸው፤ ያለ ብዙ ድካም ፈረሱ። የዛገውን ፌሮ ቀየረች፤ የአምስተኛውን አፍ አሻክራ አጠበች። የሚያስፈልገውን ሁለቴ አስልታ፣ ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ለአሮጌው አናፂ ጮክ ብላ እያነበበች አሰላችው፤ ደህና ሲሚንቶ፣ የወንዝ አሸዋና ጠጠር በጀልባ አስመጥታ ሞላችው። ልኩ ልክ ሆኖ ወጣ። ሽማግሌው የመጨረሻውን ደረጃ በግንበኛ ማንኪያ አስተካክሎ ሲጨርስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ ላይ አየ፤ ወደ ተዘጋው በር።

«ጥሩ ነው» አለ። «ጥሩ ደረጃ ነው፣ ልጄ።»

ማሪጎ ከዘራዋን ይዛ ሥራውን ልታይ መጥታ ነበር። ከበጋው ወዲህ አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። ለመቆም ስለደከማት የታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

«ማን ይወጣበታል?» አለች።

ባርባ ኒኪፎሮስ መሣሪያውን መሰብሰብ ያዘ። ኤቫንቲያ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። ሰሜኑ ነፋስ እየበረታ ስለነበር በዚያ ቀን ጀልባ እንደማይመጣ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ማሪጎ ስልኳን ከመጎናጸፊያዋ አውጥታ ለልጇ ሰጠቻት።

«ለወንድምሽ ደውይለት። እኔ ዓይኔ ቁጥሩን አያይልኝም።»

ኤቫንቲያ ደወለች። ረጅም ጠራ። ኩላ አነሳችና፣ «እማማ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

በዚያኛው ወገን የልጆች ድምፅ፣ የመኪና ድምፅም ይሰማል። «አርጊሪስ ሥራ ላይ ነው» አለች ኩላ። ቀጥሎ ግን የወንድሟ ሳል ከቅርብ ተሰማ፤ ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ። «እማማን ስጪኝ።»

ኤቫንቲያ ስልኩን ለእናቷ አቀበለችና ተነሳች። በካሪዮላው ላይ የቀረው ሲሚንቶ እየጠጠረ ስለነበር ባልዲ ውሃ አምጥታ ማጠብ ጀመረች።